ያላዘዝነው ማውጫ

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ የጨው ሱቅ ነበረኝ። ከነጋዴው መሀል የፈረንጅ ፊደል የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ጨርቅ የሚሸጡት አሮጊት፣ ስማቸው በነጋዴዎች ማውጫ ስለሚወጣ ክፍያ የሚጠይቅ ወረቀት አመጡ።

«እኔ መች አዘዝኩ?»

«እትዬ፣ የመንግሥት ነው፤ ሱቁን ያሽጉብዎታል።»

«አንተ ካልክ እሺ።»

በቅሏቸውን ሸጠው ከፈሉ።

በሳምንቱ ያው ወረቀት ለእኔም ደረሰኝ። ከፋዩ እኔ ስሆን ከግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍም አነበብኩ። ላኪው የግል ድርጅት ነው፤ ማስታወቂያ ለማውጣት ለሚፈልግ ብቻ የቀረበ ግብዣ እንጂ ዕዳ አይደለም ይላል። ሰው ጣሊያንን ይረግማል፤ እኔ ግን ማኅተም አይቶ ማንበብ ያቆመውን አውቀዋለሁ።

እትዬ ጨርቃቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ካራቆሬ ገበያ ሲያልፉ አገኘኋቸው።

«አንተ ባታነብልኝ ሱቄ ታሽጎ ነበር። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» አሉኝ።

«አሚን» አልኩ።