የተዘቀዘቀው ነጠላ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም ውስጥ አል-ሳሃፋ ሰፈር በነበረው ቤታችን መብራት በየምሽቱ ማለት ይቻላል ይጠፋ ነበር፤ እኔም ሳይጠፋ ከቀረ ቅር ይለኝ ነበር። ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ጎረቤታችን እትዬ ውዴ የስፌት መኪናዋን ትታ የከሰል ካውያዋን ታወጣለች፤ ፍሙን ሞልታ ክዳኑን ትዘጋና በሆሹ፣ በጋራ ግቢያችን፣ መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ልብስ መተኮስ ትጀምራለች። ያኔ ከካውያው ጎን የሚወጣው ጭስና የእርጥብ ጥጥ ሽታ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ፋኖስ፣ ከውጭ የሚሰማው ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ጩኸት ሁሉ ተቀላቅለው፣ እሷ ተረት ልትነግረን አፏን ስትከፍት ጸጥ የሚሉ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጀብራ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስለምትሠራ የምትመጣው አምሽታ ነው። እስክትመጣ ድረስ የእኔ ቦታ እትዬ ውዴ አጠገብ ነበር።

እትዬ ውዴ ወደ ካርቱም ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለቲያትር ቤት ልብስ ታዘጋጅ ነበር። ተረቷም ከልብስ ነበር የሚጀምረው። ሌላ ሰው «አንድ ንጉሥ ነበረ» ሲል እሷ ንጉሡ ምን እንደለበሰ፣ ካባው ከምን እንደተሠራ፣ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚሰበስበው ትነግረናለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው መናገር የሚጀምረው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የሐበሻ ልጆች የምንማርበት ትምህርት ቤት ከተረቶቿ አንዱን ተውኔት አድርጎ ሊያሳይ ተነሣ። ተረቱ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ባሏ ስለሞተባት ሴት ነው። የባሏ ዘመዶች መሬቷን ቀምተዋት አቤት ልትል ወደ ግቢ ትሄዳለች። ቀኑ የበዓል ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ አጊጦ፣ እልል እያለ፣ ንጉሡ ፊት ለመድረስ ይጋፋል። እሷ አትጋፋም፤ አትጮኽም። ጥግ ይዛ ትቆማለች። ንጉሡ ግን ከሩቅ ነጠላዋን አይቶ «ያቺን ሴት አምጡልኝ፤ ለበዓል አልመጣችም» ይላል። ባልቴቷን የምሠራው እኔ ነበርኩ። በመድረኩ ላይ አንድም ቃል ሳልናገር ብዙ መቆም ነበረብኝ።

ልብሳችንን የሰፋችው እትዬ ውዴ ናት። የማስታወቂያውን ፎቶ መምህራችን በትምህርት ቤቱ ግቢ አነሣንና ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰሜን ክፍል ማተሚያ ቤት ለሚሠራው ፎቶ አቀናባሪ ለሙሳ ላከለት። ሙሳ እናቱ የወሎ ሴት ናት፤ እሱ ግን ካርቱም ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ላይ ዐረብኛ ይበዛ ነበር። በማግስቱ ማታ ሥራውን ጨርሶ ለእትዬ ውዴ በስልኳ ላከላት፤ ጠዋት ይታተማል፣ ኢንሻአላህ፣ የሚል ቃል ከሥሩ ጽፎ ነበር።

በሆሹ የነበርን ልጆች ሁላችንም ስልኩ ላይ ተደፋን። በጣም ያምር ነበር። ነጩ ልብስ እንደ በረዶ አንጸባርቋል፣ ቀዩ ጥለት ደምቋል፣ ንጉሡም ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። እትዬ ውዴ ግን ካውያውን ከልብሱ ላይ አነሣችና ቆማ ቀረች። እንደተናደደች ገመትኩ። አልተናደደችም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ተረት ስትነግረን በምትናገርበት ድምፅ መልእክት መቅዳት ጀመረች።

«ሙሳ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፣ ደክመሃል። ጥቂት ነገር ልንገርህ። ንጉሡን ፊቱን ወደ ልጅቷ ለማዞር ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጠኸዋል አይደል? ሰይፉን እየው፤ በግራው በኩል ሆኗል። ያን ጊዜ የእኛ ሰው ሰይፍ የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው። ስለዚህ አትገልብጠው፤ እሱን እንዳለ ተወውና ልጅቷን ወደሚያይበት በኩል አዛውራት። ከኋላ የቆመው አሽከር ሸማውን ወገቡ ላይ ያሰረው ሞቆት አይደለም፤ ጌታው ፊት አደግድጎ ነው፣ አክብሮቱ ነው። ጽሑፉን እዚያ ላይ ስለጻፍክበት አይታይም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ግንቡ አውጣው። በአሽከሩ እጅ ላይ ያለችውን ሰዓት ግን አጥፋልኝ።»

ትንሽ አረፈችና ቀጠለች። ነጩ በጣም እንደነጣ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወተት ወተት እንደሚል፣ ክሩ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን እንዲቀንስ ነገረችው። መጀመሪያ በተነሣው ፎቶ ላይ እሷ ራሷ ነጭ ወረቀት ይዛ የቆመችው ለዚህ ስለሆነ ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር እንዲያስተካክል፣ ቀዩ በስልክ ሲደምቅ ወረቀት ላይ ብርቱካን እንዳይሆን አስቀድሞ በትንሹ አትሞ እንዲያይ፣ የልጆቹን ፊት እንዳያነጣ ለመነችው። መምህሩ ፎቶውን በስልክ ሲልክ ጥራቱ ስለወረደ ዋናውን ፋይል እንደምታስልክለትም ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አሁን ስለ ልጅቷ ነጠላ። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ሥር ስታየው በስህተት የለበሰች መስሎህ ወደ ታች አውርደኸዋል። ለደስታማ ልክ ነህ፣ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ሰው የሞተባት ሴት ግን ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። ይሄን ያየ ሰው ምን ሆነሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ መንገድ ይለቅላታል፣ ቀስ ብሎ ያናግራታል። ንጉሡ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የለያት በዚህ ነው። ጥለቱን ካወረድከው ልጅቷ በዓል ልታከብር የመጣች ትሆናለች፤ ንጉሡም የሚያየው ነገር የለውም። እንደነበረ መልስልኝ፣ ልጄ።»

መልእክቱን እንደሰማው የሚያሳየው ምልክት ስልኩ ላይ ታየ። ካውያው ቀዝቅዞ ፍሙን እያራገበች ሳለ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለነበር ሰማሁት። ሙሳ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ በዐረብኛ አክስቴ ብሎ ነበር የጀመረው።

«ኻልቲ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ የተነሣችው ፎቶ አለ። አሳድጌ ለዒድ ሰጠኋት። ነጠላዋ የተገለበጠ መስሎኝ… እኔ አስተካከልኩት።»

እትዬ ውዴ ማራገቢያውን አስቀመጠች።

«ምን አለችህ?»

«መረቀችኝ። መኝታ ቤቷ ሰቀለችው። ለምን አልነገረችኝም?»

«ስጦታህ ሆኖባት ነዋ። የድሮው ፎቶ አለህ?»

አለኝ አለ። እንግዲያውስ ሁለቱንም ነጠላዎች እንደነበሩ መልሳቸው አለችው፤ ስልኩም ተዘጋ። እትዬ ውዴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ጭሱ ነው አለች። እኔም ጭሱ ነው ብዬ አመንኩ።

ተውኔቱ በቀረበበት ቀን ሙሳ ማስታወቂያውን ራሱ ይዞ መጣ። እናቱም አብራው ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። ወረቀቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ሰው እየሳቀና እየተጫወተ ይገባ ነበር፤ ትልልቆቹ ሴቶች ግን ፎቶው ፊት ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። የሙሳ እናት ብዙ ቆየች። ጣቷን አንሥታ ወረቀቱ ላይ አንገቴ ሥር ያለውን ቀይ መስመር ዳበሰችው። ከዚያ ልጇን ዞራ አየችውና በእጁ ተደግፋ ገባች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ መድረኩ ላይ ቆሜ ሳያት ግን እጁን አልለቀቀችም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ቤት አገኘኋት። በዚያ ሰዓት ቤት ኖራ አታውቅም። ሆሹ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፣ ስልኳ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥያቄ አጣድፋት ነበር። ነጠላዋን አየሁ፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር። ቦርሳዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና ጎኗ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ፤ እሷም ያኔ ማልቀስ ጀመረች።

ዛሬ አል-ሳሃፋ ያለው ያ ቤት ተዘግቷል፤ ጎረቤቶቹንም ጦርነቱ በየአገሩ በትኗቸዋል። በፋኖስ ብርሃን ከሰማኋቸው ተረቶች የብዙዎቹ መጨረሻ ጠፍቶብኛል። ከእትዬ ውዴ አፍ ከወጣው ሁሉ ቃል በቃል ማለት የምችለው ያን ወደ ባሕሪ የላከችውን መልእክት ብቻ ነው። ተረት ነው ብዬ ስላልሰማሁት ይሆናል። ሰው ሳገኝ ዛሬም ከመናገሬ በፊት ትንሽ ዝም እላለሁ፤ ጓደኞቼ ዓይን አፋር ይሉኛል። እኔ ግን እያየሁ ነው።