እኩል አምስት ሰከንድ

የአባቴና የእናቴ የጋብቻ ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ሲል በፕሮጀክተር የሚታየው የፎቶ ዝግጅት እኔ ላይ ወደቀ። በእኛ ቤት ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ባለሙያ ነው። ጳውሎስ አካባቢ ካለ ፎቶ ቤት አሮጌዎቹን ፎቶዎች ስካን አስደርጌ በየዘመናቸው ደረደርኳቸው፤ ከየግርጌያቸውም አጭር ጽሑፍ አኖርኩ። በሰርጉ ፎቶ ላይ ፊታቸውን ላኮሳተሩት አባቴ "ሙሽራው የተቆጡት ጫማቸው ጠቧቸው ነው" ብዬ ጻፍኩ።

እናቴን ያስጨነቃት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ የታናሽ ወንድሜ። "ሊቢያ ደርሻለሁ" ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዘመድ "እርማችሁን አውጡ" እያለ ቢወተውታትም እሷ ለቅሶ አልቀመጥም ብላለች።

"ከእህት ወንድሞቹ እኩል አድርጊው" አለችኝ። "ካስረዘምሽው ለቅሶ ይመስላል። ካሳጠርሽው ደግሞ ረስተነዋል ማለት ነው።"

ለሁሉም አምስት አምስት ሰከንድ ሰጠሁ። መሸጋገሪያውም አንድ ዓይነት ሆነ፤ አንዱ ፎቶ ቀስ እያለ ይደበዝዝና ሌላው ይተካል። ከሚሽከረከረውና ከሚንሸራተተው ይልቅ ይህኛው ጨዋ መስሎኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን ከምሳ በኋላ መጋረጃ ዘግተን ፕሮጀክተሩን ባዶው ግድግዳ ላይ አበራሁት። የሰርጉ ፎቶ ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴም "እስካሁን አልሰፋልኝም" አሉ።

ከዚያ ወንድሜ መጣ፤ በተማሪ ዩኒፎርሙ፣ ፈገግ ብሎ። አምስት ሰከንዱ አለቀና እንደ ሌሎቹ መደብዘዝ ጀመረ። እናቴ ግን የሌሎቹን ልብ ያለች አልመሰለኝም።

"ምን እያደረግሽው ነው?" አለች። "አታጥፊው!"

ወደ ኋላ መለስኩት። ፊቱ ደምቆ መጣ፤ ትንሽ ቆየና ደግሞ ይደበዝዝ ጀመር።

"ኧረ በማርያም!"

ደንግጬ ማቆሚያውን ተጫንኩ። ግድግዳውን የሚያህል ፊት ከፊታችን ተገተረ። ጥግ የተቀመጠችው አክስቴ ይህን ስታይ "ወይኔ ልጄን!" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከኋላዋም ሳግ ተሰማ። እናቴ ስትሸሸው የኖረችው ለቅሶ በገዛ ድግሷ ላይ፣ በእኔ እጅ ሊጀመር ነው። ብለቀው ይጠፋል፤ ባቆመው እርሙ ይወጣል። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ። እንዲያ ጨንቆኝ አያውቅም።

እናቴ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ፊቱን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ ብርሃኑ መሃል ገባች፤ ግድግዳው ላይ የራሷ ጥላ ብቻ ቀረ። ወንድሜ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ነጭ ቀሚሷ ላይ። ሁላችንም እናየዋለን፤ እሷ ብቻ አታየውም።

"የት ሄደ?" አለች፣ ጥላዋን እየዳበሰች። "መልሺው እንጂ!"

ምንም አልነካሁም ነበር። "ፈቀቅ በይ፣ እማዬ" አልኳት።