ለስድስት የተጻፈው የዶሮ ሩዝ

ሐሙስ ነበር፤ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን። አይ፣ ሐሙስ እንኳ አልነበረም፤ ሐሙስማ ምሳው የተበላበት ቀን ነው። ታዲያ ረቡዕ ይሆን? በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው «መዝገቤ» የሚለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገሩን ባስታወሰ ቁጥር እንዲህ ብቻውን እያወራ ከቀኑ ጋር ይሟገታል። የማይጠራጠረው ሰዓቱን ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ሻምበል ስልኳን በክንዷ ርቀት ይዛ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ የመዝገብ ቤቱን በር በክርኗ ገፍታ ገባች።

እትዬ ሻምበል የማተሚያ ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። ማዕረጉን የሰጧት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሰልፉን አስተካክሎ ያልቆመ ሰው ከእጇ ሰሃን አይቀበልማ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ምድጃ ሥር ቆማለች። አሁን ግን ምድጃው ራሱ አጠራጣሪ ሆኗል። ከሁለት ወር በፊት ጡረታ ለወጡት ሠራተኞች መሸኛ ከተሠራው ፓስታ ግማሹ ተደፍቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጥሮ፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ካየሁ ወጥ ቤቱን ዘግቼ ምሳ ከውጭ አስመጣለሁ» ብሎ ነበር። ነገ ደግሞ አርባ አምስት እንግዶች ይመጣሉ።

«ጸሐፊዋ ላከችልኝ» አለች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «በዶሮ የሚሠራ ሩዝ ነው። ሥራ አስኪያጁ በፎቶው ወዶታል አሉ። ሳይቀምስ!»

«ፎቶማ አያጠግብ ይሆናል እንጂ አይጎመዝዝም፣ እትዬ።»

«አትቀልድብኝ። ለስድስት ሰው ነው የሚለው። ለአርባ አምስት አድርግልኝና ዛሬ ልግዛ።»

ስልኩ ላይ ያለው ስክሪንሾት ነበር፤ ከአንድ የምግብ ገጽ ላይ የተነሣ። ከላይ «ለ6 ሰው» ይላል፣ ከሥሩ ዝርዝሩ፦ አሥራ ሁለት የዶሮ ጭን፣ አንድ ኪሎ ሩዝ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ስድስት ሽንኩርት፣ ስምንት ካሮት፣ ስምንት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ ጨው። መዝገቤ እርሳሱን ቀረጸ። አርባ አምስት ለስድስት ሲካፈል ሰባት ተኩል። ሁሉንም በሰባት ተኩል አበዛና ወረቀቱን በኩራት ገፋላት። ዘጠና ጭን፣ ሰባት ኪሎ ተኩል ሩዝ፣ አርባ አምስት ሽንኩርት፣ ስልሳ ካሮት። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምድጃ ውስጥ፦ ስድስት ሰዓት ከሩብ» ብሎ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሃምሳ ደቂቃ ይላል። በሰባት ተኩል ሳበዛው።»

እትዬ ሻምበል ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሳቋን መጨረስ አቃታት። «አንተ ሰውዬ! ሰዓትም ይበዛል እንዴ? ሦስት ትሪ ላይ ዘርግቼ ሁለቱን መጀመሪያ፣ አንዱን ቀጥዬ አስገባለሁ። እያንዳንዱ ያው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ስድስት ሰዓት ካቆየሁትማ ለእንግዳ ሳይሆን ለከሰል ነጋዴ ነው የማቀርበው።»

ከዚያ ግን ሳቋ ድንገት ቆመ። ወረቀቱን አንሥታ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። በከንፈሯ እየቆጠረች ቆየች።

«ሰባት ኪሎ ተኩል ሩዝ... ለአርባ አምስት ሰው። አይሆንም።»

«ሒሳቡ እኮ ልክ ነው፣ እትዬ።»

«ሒሳብህን አላማሁም። እኔ ለአንድ ሰው ጥሬ ሩዝ አንድ ጭብጥ ከምናምን ነው የምይዘው፤ ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ኪሎ ይበቃኛል። ይሄ ለስድስት አንድ ኪሎ ይላል። ስድስቱ ሰዎች ምን ሲሠሩ ውለው ነው?»

«ምናልባት የዚያ አገር ሰው ሆዳም ይሆናል።»

«ሁለት ሁለት ጭን በልቶ በላዩ ያንን ሁሉ ሩዝ? ሂድ ወዲያ! አሠራሩን አንብብልኝ፤ እስከ ታች።»

መዝገቤ ምስሉን በሁለት ጣቱ አሰፋው። አሠራሩ ከዝርዝሩ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ የታችኛው መስመርም ግማሹ ተቆርጧል። ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ስድስቱን ጭኖች ቀይ እስኪሆኑ አገላብጡ... ሩዙን ጨምሩ... አንድ ሊትር የፈላ ውሃ...»

እትዬ ሻምበል ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ስንት አልክ?»

«ስድስት ጭን። አንድ ሊትር።» ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ከዝርዝሩ ጎን ሦስት ትንንሽ ቁልፎች አሉ፦ ባለ አንድ እጥፍ፣ ባለ ሁለት እጥፍ፣ ባለ ሦስት እጥፍ። መካከለኛው ጠቁሯል። ፎቶውን ያነሣ ሰው ሁለት እጥፉን ነክቶት ነበር። ዝርዝሩ ሲታጠፍ ከላይ ያለው «ለ6 ሰው» እና ከታች ያለው አሠራር እንደነበሩ ቀርተዋል።

«ለአሥራ ሁለት ነው፣ እትዬ። ዝርዝሩ ለአሥራ ሁለት ሰው ነው።»

«አላልኩህም?» አለች፤ ግን አልፎከረችም። «በል እንደገና።»

መዝገቤ እርሳሱን ያዘ። የዚያ ጊዜው ፓስታ ትዝ አለው። ያኔ እሷ ታማ ተኝታ ስለነበር፣ ጸሐፊዋ ስክሪንሾቱን ለእሱ ልካለት፣ እሱ አብዝቶ፣ ዕቃው በእሱ ወረቀት ተገዝቶ ነው የጠበቃት። እሷ በማግሥቱ ከአልጋ ተነሥታ ያገኘችውን ሁሉ ቀቀለች። ሥራ አስኪያጁ ባልዲዎቹ አጠገብ ሲቆጣም አንገቷን ቀና አድርጋ «አጥፍቻለሁ» አለች እንጂ የማንንም ስም አልጠራችም። ያኛው ስክሪንሾትስ? ያኛው ላይ የትኛው ቁልፍ ጠቁሮ ነበር?

«ምን ሆነህ ነው የፈዘዝከው? ጻፍ እንጂ!»

ጻፈ። አርባ አምስት ለአሥራ ሁለት፣ ሦስት ከሦስት ሩብ። አርባ አምስት ጭን። ሦስት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ሩዝ። ሃያ ሦስት ሽንኩርት፤ ግማሽ አይሸጥምና። ሠላሳ ካሮት። ሠላሳ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፤ ሦስት ራስ ያህል። ዘይት ሠላሳ ማንኪያ፤ ግማሽ ሊትር አይሞላም።

«ውሃው ሰባት ሊትር ተኩል።»

«ሰባት በል። ትልቅ ትሪ በደንብ ከተሸፈነ ብዙ አይተንም፤ የፈላ ውሃ አጠገቤ አኖራለሁ፣ ካነሰው እጨምራለሁ። ጨው ስንት ወጣ?»

«ሰባት ማንኪያ ተኩል።»

«በአምስት እጀምራለሁ። የጨመሩት ጨው አይወጣም።»

ከዚያ አስነሥታ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደችው። «ያለውን መግዛት ሞኝነት ነው» እያለች ቆርቆሮውን ሁሉ ከፈተች። ሁለት ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ በቂ ጨው አለ። ስለዚህ የመግዣው ወረቀት አጠረ፦ ሩዝ ሁለት ኪሎ፣ ጭን አርባ አምስት፣ ሽንኩርት ሃያ ሦስት፣ ካሮት ሠላሳ፣ ነጭ ሽንኩርት ሦስት ራስ። እሷ በገበያው አካሄድ አስደረደረችው፤ መጀመሪያ ሩዙን፣ ከዚያ አትክልቱን፣ እንዳይሞቅባት ዶሮውን መጨረሻ። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትወጣ ጀርባዋን አይቶ ስለ ፓስታው ሊነግራት አሰበ፤ ግን በምን ቃል?

በማግሥቱ የማተሚያ ቤቱ አዳራሽ በሽንኩርት ሽታ ተሞላ። ሦስተኛው ትሪ ትንሽ ቢዘገይም የሁለተኛው ዙር እንግዶች ትኩሱን በሉ። እትዬ ሻምበል ጭልፋዋን እንደ ጠመንጃ ይዛ አንድም ሰው ሁለት ጭን እንዲያነሣ አልፈቀደችም። «አንድ፣ ጌታዬ! ጣፍጦዎት ከጠገቡ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጥ ቤት ገባ። ባልዲዎቹን አየ፤ አጥንትና የካሮት ልጣጭ ብቻ ነበር። ትሪዎቹን አየ። አንደኛው ጥግ ላይ ሁለት ጭልፋ ሩዝ ቀርቷል።

«ይሄስ?»

«የዘበኞቹ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ምስጋና ከአፉ መውጣት የሚያቅተው ሰው ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት የወረቀት አቅራቢዎች ይመጣሉ» አለ በመጨረሻ። «ስልሳ ናቸው። እዚሁ ይበላሉ።»

ሲወጣ መዝገቤ በእፎይታ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እሷ ግን ገና የሥራ አስኪያጁ ጫማ ድምፅ ሳይርቅ ሽርጧን ፈትታ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አንሥታ ነበር።

«ስልሳ ጭን ባንድ ቀን አይገኝም፤ ዛሬውኑ ካላዘዝኩት ሰውዬው ለሌላ ይሸጥብኛል።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ያኔ፣ የፓስታው ጊዜ...»

«ዘበኞቹን ጥራቸው፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ!» አለች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።