በትኩሱ የታሸገው ቡና

ቡና ቆልታ በመሸጥ ሃያ ዓመት የኖረችው ሴት፣ መንገደኛ ደንበኞቿን ሁሉ «ቡናው ሳይበርድ አይታሸግ፤ ሳይፈጭም ይሂድ» ትላቸዋለች። እህቷ በአውሮፕላን የምትሄድ ዕለት ግን፣ ቀደም ብላ መቁላቱን ረስታ ኖሮ፣ ጠዋት በጥድፊያ ቆልታ ፈጨችና በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

በሳምንቱ እህቷ ደወለች። «እጅሽ ይባረክ እቴ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው!»

ሴትዮዋ ክው አለች። ላስቲክ ውስጥ ሲያልበው የሰነበተ ቡና ምን ሽታ ይኖረዋል? ምስጋናው ከስድብ በላይ አንገበገባት።

«አትሸንግይኝ እቴ። ረስቼሽ ነው በትኩሱ ያሸግኩት» አለች።

እህቷ «እኔም ደፍቼዋለሁ» ብላ ሳቀች።

እሷ ግን መሳቅ አልሆነላትም። የዚያኑ ዕለት ቆልታ፣ በደንብ እንዲበርድ አሳድራ፣ ፍሬውን እንዳለ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጋ በሌላ መንገደኛ ላከችላት።