ወደ አፍ የተሳበ ጋቢ

በደርግ ጊዜ ነው፤ በገነተ ማርያም በኩል ባለው ቀበሌያችን ትምህርት ቤት ይሠራ ተባለ። ሁላችንም ወደድን። የቸገረው ቦታው ነበር። ከምንጩ በታች ያለው መሬት ለጥ ያለ ነው፤ ግን ባል የሞተባቸው የአክስቴ የገብስ ማሳ ነበር፤ ሌላ የላቸውም። ሌላው ቦታ ድንጋያማው ጋራ ነው፤ ሰው የለበትም፤ መደልደሉ ግን ብዙ ጉልበት ይፈጃል።

እኛ ነገር የምንጨርሰው እንደ ቅሬያችን ነበር፤ ሰው ሲሞት የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሌላውንም ጉዳይ እዚያው እናየዋለን። የቅሬው ዳኛ በመጨረሻ «ተስማማን?» ይላል። ሁሉም «ተስማምተናል» ካለ አለቀ። አንድ ሰው እንኳ ጋቢውን ወደ አፉ ስቦ ዝም ካለ ግን አልተስማማም ማለት ነው፤ ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠራል። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ደግሞ ከሸንጎው ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

እንዲህ ሆነን አራት እሑድ ተቀመጥን። አባ፣ የንስሐ አባታችን፣ ማሳው ይሁን በተባለ ቁጥር ጋቢያቸውን ስበው ዝም ይላሉ። አንዱ ጎረቤቴ ተቆጣ፦

«አባ፣ እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ልጆቻችን ሳይማሩ ሊያረጁ ነው!»

«አንተም ሳትማር አርጅተሃል፤ ምን ጎደለብህ?» አሉት። ሳቅን፤ ተበተንን። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ሰው ሁሉን ሲያቆም ያስመርራል።

በአምስተኛው ሳምንት ከወረዳ አንድ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ክፉ አልነበረም። «ጓዶች፣ ከእንግዲህ በድምፅ ብልጫ ነው። የበዛው ያሸንፋል» አለ። አክስቴ እንደ ልማዳችን ተነሥተው ከካቡ ማዶ ሄደው ተቀመጡ። ይምረጡ ብሎ የጠራቸው የለም፤ እኔም አልጠራሁም።

«ማሳው ይሁን የሚል እጁን ያውጣ!»

አሥራ አምስት እጅ ወጣ። አንዱ ተነሥቶ «እኔ እጄን ያወጣሁት ልናገር ብዬ ነው እንጂ» አለ። ካድሬው ራሱ ሳቀና ቀነሰው፤ አሥራ አራት ሆነ።

«የሚቃወም?»

ዘጠኝ። አባም በዚህኛው እጃቸውን አወጡ፤ እሳቸው ነገሩ ገብቷቸዋል። ሃያ ስምንታችን ግን ጋቢያችንን ወደ አፋችን ሳብን። እኔም ሳብሁ። ነገሩን ያቆምሁት መሰለኝ። ለአንድ ሰው ዝምታ ይቆም የነበረ፣ ለሃያ ስምንት እንዴት አይቆምም?

«በአሥራ አራት ለዘጠኝ ማሳው ተወሰነ» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ።

«ጓድ፣ እኛስ?» አልሁት።

«እናንተማ ድምፀ ተአቅቦ ናችሁ። አልደገፋችሁም፣ አልተቃወማችሁም። ዝምታ አይቆጠርም።»

«እኛ ዘንድ ዝምታ እምቢታ ነው።»

«ቀድማችሁ መናገር ነበረባችኋ!»

እውነቱን ነው። አፌ ግን ተሸፍኖ ነበር።

በማግስቱ አባ፣ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድን። የአገራችን ሰው ነው፤ አብረን አርሰናል። አራታችንን አስቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቀን። አላቋረጠንም። ሦስታችን ጋራው ይሻላል አልን፤ አንዱ ማሳው አለ። እኔ ደግሞ «ቢያንስ ገብሱ ይድረስላቸው» ብዬ ጨመርሁ።

በመጨረሻ «ምክራችሁን ሰማሁ» አለ። «የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምወስነውም እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ወረዳ ገብቷል። ማሳው ይሄዳል። ገብሱ እስኪታጨድ ግን ማንም አካፋ አያነሣም፤ ለእሳቸውም ከጋራው ሥር ሌላ መሬት ይሰጣቸዋል።»

«ሦስት ለአንድ አይደለን?» አሉ አባ።

«አባ፣ እኔ ድምፅ አልቆጠርሁም፤ ምክር ነው የጠየቅሁ።»

ከነገርነው አንዷን ወስዷል፤ ሌላውን ትቶታል። መብቱ ነበር።

ገብሱ ሲደርስ ላግዛቸው ሄድሁ። አክስቴ ጎንበስ ብለው እያጨዱ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፦

«ያን ቀን አንተ እጅህን አወጣህ?»

«የለም አክስቴ፤ ጋቢዬን ስቤ ነበር።»

«አይቻለሁ። ከካቡ ማዶ ሆኜ አየኋችሁ። ያ ሁሉ ጋቢ ወደ አፍ ሲሳብ ማሳዬ ተረፈልኝ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው እንኳ ሳልቆይ ቤቴ ገባሁ።»

ማጭዴን ይዤ ከጎናቸው ጎንበስ አልሁ። እስከ ዳር ድረስ አጨድነው፤ ቃርሚያውንም ሳይቀር እሳቸው ለቀሙት።