የሲቪዬ ሦስተኛ መስመር

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንዲት ሲቪ መጻፍ አቃተኝ። የምጽፈው ሥራ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፤ የሠራሁትን «ሠራሁ» ማለት ነው ያቃተኝ። እንደ እኔ ያደገ ሰው ራሱን ሲያሞግስ ጆሮው ይቀላል።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የበረታበት ጊዜ ነበር። የምርት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ የምሠራበት የሰበታ ፓስታ ፋብሪካ መጋዘኑም ቢሮውም ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቱ በሩን ቆልፎ አዲስ አበባ ገባና ስልክ ማንሳት ተወ። እኔም ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገብቼ፣ በሃምሳ ዓመቴ ሥራ ፈላጊ ሆንኩ።

ሱሉልታ ያለ አንድ የምግብ ፋብሪካ ምክትል ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ ስሰማ ቁጭ ብዬ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ጽሑፉን በፍላሽ ይዤ ቡራዩ ወደምትኖር የድሮ ባልደረባዬ ሄድኩ። እሷ ለድርጅቶች ኃላፊዎችን መርጣ የምታቀርብ የሰው ኃይል ባለሙያ ናት። መንገዱ ላይ ድንጋይ ስለተደረደረ ታክሲው ግማሽ ላይ አወረደን፤ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። እግሬ አብጦ ነው የደረስኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ይሄ ሲቪ ነው የሕይወት ታሪክ? የተወለድክበት ቀበሌ ምን ያደርግላቸዋል? ‹ከአለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን› ብለህ ደግሞ ጽፈሃል። የምትወዳደረው እኮ ለአለቃነት ነው!»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

«ለዚህ ነዋ ሁሉም የሚወድቀው። ሦስት ነገር ብቻ ንገረኝ። በእጅህ የነበረው በጀት ስንት ነው? ስንት ሰው መራህ? አንተ ስለነበርክ ምን ተለወጠ?»

በጀቱን አላውቅም ብላት አላመነችኝም። እውነቴን ነው። የፋብሪካው በጀት ባለቤቱ የደረት ኪስ ውስጥ ያለች ማስታወሻ ደብተር ነበረች፤ እኔ ጠይቄ እፈርማለሁ፣ እሱ ገልጦ አይቶ ይዘጋታል። ንዴቱ ያኔ ነው የመጣብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ተብዬ ምን እንዳስተዳደርኩ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

«እንግዲያው የፋብሪካውን ሽያጭ እንዳትጽፍ፤ አንድ ጥያቄ ሲጨምሩብህ ትወድቃለህ» አለች። «አንተ አቅደህ ያስጸደቅከውንና በፊርማህ ያስወጣኸውን ብቻ ለይ።»

ዱቄቱን፣ ማሸጊያውን፣ መለዋወጫውን፣ የትርፍ ሰዓቱን ስናሰላ የወጣው ቁጥር ካሰብኩት ያንሳል። አፈርኩ። እሷ ግን «ትንሽና እውነት ከትልቅና ውሸት ይሻላል» ብላ የመጀመሪያው መስመር አደረገችው። ሁለተኛው ቀለለ፦ በሥሬ ሁለት መቶ አሥር ሠራተኛ፣ ከእነሱ በቀጥታ ለእኔ ተጠሪ የሆኑ ስድስት። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ እንደሚያስፈልግም ያን ቀን ተማርኩ።

ለሦስተኛው «በፈጣሪ ቸርነትና በባለቤቱ በሳል አመራር የምርት ጥራት ተሻሽሏል» የሚል ጽፌ ነበር።

«ለሥራው የሚያመለክተው ፈጣሪ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ምኑ ነው የተሻሻለው?»

ነገርኳት። ፓስታችን ይሰበር ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ስብርባሪው ከአስራ ሁለት በመቶ ወደ ሰባት በመቶ ወረደ። ጠዋት ፈረቃ ሲቀያየር የማድረቂያው ክፍል በር ይከፈታል፤ የሰበታ ብርድ ትኩሱን ፓስታ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ታሽጎ ሲጓዝ ይሰበራል። በሩ እንዲዘጋ፣ ፓስታውም ከመታሸጉ በፊት ቀስ ብሎ እንዲበርድ አደረግን።

ጠረጴዛውን መታች። «ይሄን ደብቀህ ነው ቀበሌህን የምትነግረኝ?» «የማድረቅ አሠራሩን በመለወጥ ስብርባሪን ከአስራ ሁለት በመቶ ወደ ሰባት በመቶ አውርዷል» ብላ ጻፈች። እኔ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሳጉረመርም፣ «ቡድን መርተህ ያመጣኸው ውጤት የአንተም ነው፤ ‹ቡድን በመምራት› እንበል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስቱ ገጽ ሁለት ሆኖ፣ መስመሩ ብቻውን ሲያምርብኝ፣ «ተይው፣ ይበቃል» አልኳት። ያን ያልኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

የበሩን ነገር ያየሁት እኔ አልነበርኩም። ከስድስቱ ተጠሪዎቼ አንዷ፣ ከወላይታ የመጣች የፈረቃ ኃላፊ ናት ያየችው። ሁለት ሳምንት ስብርባሪውን በየፈረቃው ለይታ ስትመዝን ከርማ ቢሮዬ መጣችና «ጋሼ፣ የሚሰብረው በሩ ነው» አለችኝ።

ከቡራዩ ስመለስ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈልጋ ነው። አገራችን ውስጥ ሲቪ የፈለገ ቢያምር፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ከሌለው ወረቀት ነው። የእኔ ድሮ የተጻፈ ስለነበር ቤቴ ተቀምጧል። የእሷ ፋይል ከቢሮው ጋር ተቃጥሏል፤ ማህተሙ ደግሞ ባለቤቱ ጋ ነው።

«ማህተሙ ሲገኝ እጽፍልሻለሁ» አልኳት።

«እሺ ጋሼ። ጌታ ይባርክዎት» ብላ ሄደች። በእጄም ቢሆን ያየሁትን ጽፌ መፈረም እችል ነበር። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ዓይኗን ማየት ከበደኝ፤ ቶሎ እንድትሄድልኝ ነበር የፈለግሁት።

ሱሉልታ ቃለ መጠይቁ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ያሳረፈው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ስለ በሩና ስለ ብርዱ አስረዳሁት፤ በጣም ወደደው። መጀመሪያ ማን አየው ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ተቀጠርኩ።

በሦስተኛው ወር እኛው ጋ የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ተለጠፈ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ያልተቀበላቸውን ማመልከቻዎች ይዞ እየሳቀ ቢሮዬ ገባ።

«ይቺን ይዩልኝ! ደብዳቤ የላት፣ ማህተም የላት፤ ጭራሽ ከእርስዎ ሲቪ ላይ ገልብጣለች።»

አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነው። «የማድረቂያው በር ጠዋት ሲከፈት ፓስታ እንደሚሰነጠቅ መዝኜ አሳየሁ። ስብርባሪው ከአስራ ሁለት ወደ ሰባት ወረደ» ይላል። ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም።

«የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ትሕትናዎ በዛ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ «እኔ አይደለሁም» ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነቱን ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። እስክሪብቶ አነሳሁና ማመልከቻዋ ኅዳግ ላይ «ይህ ሥራ የእሷ ነው፤ የእኔ ድርሻ በሩ እንዲዘጋ መፍቀድ ነበር» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኮፒ አንስቼ ከእኔው ሲቪ ጋር አያይዞ ለዋና ሥራ አስኪያጁ እንዲያደርስ ሰጠሁት። ሳቁን አቆመ።

እሱ ሲወጣ ማመልከቻው ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። አልረሳችኝም፤ ገና «ሃሎ» ስል ድምፄን ለየችው።

«ጋሼ!» አለች ደስ ብሏት። «ማህተሙ ተገኘ?»