ሰማያዊው ቦታ ላይ እንቆፍር

የቁፋሮ ማሽኑ ከአሶሳ መነሳቱን በስልክ ሲነግሩን እኔና የፕሮጀክቱ አለቃ ካርታው ላይ አፍጥጠን እየተከራከርን ነበር። ካምፓችን ከመንጌ ወጣ ብሎ ነው የተተከለው። ቢሮ የምንለው ድንኳን ውስጥ ከረፋድ በኋላ መቀመጥ ይከብዳል። የዝናቡ ጊዜ እየቀረበ ነበር፤ ዝናቡ ከጀመረ ደግሞ ያንን ከባድ ማሽን በጭቃው መንገድ የሚያሳልፈው የለም። ስለዚህ የሚበቃን ጊዜ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ፕሮጀክቱን እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን።

የምንፈልገው መዳብ ነው፤ እሱን የያዘው አለት ከባድና ማግኔታዊ ይሆናል ብለን ገምተናል። ካርታው የማግኔት ካርታ ነው። መሬቱን መስመር በመስመር እየሄድን፣ ከሥር ያለው አለት የምድርን ማግኔታዊ ኃይል የት እንደሚጨምር፣ የት እንደሚቀንስ ለክተናል። ከፍ ያለው ቀይ፣ ዝቅ ያለው ሰማያዊ ተቀብቷል። በደቡብ በኩል ደማቅ ቀይ አለ። ከሱ በስተሰሜን፣ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ፣ ሰማያዊ።

አለቃዬ ቀዩ ላይ እርሳሱን ተከለ። «እዚህ ነው» አለ።

ዕድሜውን ግማሽ ያህል በሰሜን አውሮፓ ማዕድን ፍለጋ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። እዚያ ቀዩ ላይ ቆፍሮ ብዙ ጊዜ ቀንቶታል። እኔ ደግሞ ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሬ፣ በቀጥታ ወደዚህ የተላክሁ።

«ጋሼ፣ ማዕድኑ ያለው ሰማያዊው ሥር ይመስለኛል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለምን?»

«እርስዎ በሠሩበት አገር የምድር ማግኔት ወደ መሬት ቁልቁል ይጠልቃል። ማግኔታዊ አለት እዚያ ከላዩ ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣል። እዚህ ግን ያለነው አግድም በሚተኛበት አካባቢ ነው። ያው አለት እዚህ ከላዩ ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣል፣ ከፍ የሚለው በሰሜንና በደቡብ ጎኑ ነው።»

«እሱን እኔም ተምሬዋለሁ» አለ፣ ሳይቆጣ። «አለቱ ሲቀዘቅዝ የያዘው የጥንት ማግኔትነት ካለውስ? ያኔ ያልሽው ሁሉ ይገለበጣል።»

እውነቱን ነው። በእጄ የነበረው ማስረጃ የስበት ልኬቱ ብቻ ነው። ከመሬት በታች ከአካባቢው የከበደ ነገር ካለ ስበቱ በጣም በጥቂቱ ይጨምራል፤ ጭማሪውም የትም አገር ቢሆን በቀጥታ ከከባዱ ነገር አናት ላይ ነው የሚወጣው። የኛ የስበት ጭማሪ ደግሞ የወጣው ሰማያዊው ላይ ነው።

«የመሬቱን ከፍታ በሜትር ብትሳሳቺ ያንን ጭማሪ ራስሽ ልትፈጥሪው ትችያለሽ» አለኝ።

«ከፍታውን ደግሜ ለክቼዋለሁ።»

«እሺ። ከባድ ነገር አለ እንበል። ከባድ ሁሉ ማዕድን ነው? ጥቁር ጋብሮ አለትም ከባድ ነው።»

ዓይኔ ካርታው ላይ ካለው ወንዝ ዐረፈ። ልኬታችን የቆመው እዚያ ነው፤ በጸጥታ ምክንያት ወንዙን እንዳንሻገር ተከልክለን ነበር። እኔ እንዳልኩት ከሆነ ከወንዙ ማዶ ሁለተኛ ቀይ መኖር አለበት። እሱ እንዳለው ከሆነ እዚያ ምንም አይኖርም።

«ማዶውን ልለካው» አልኩ።

እርሳሱን ከቀዩ ላይ አነሣ። «ጊዜ ያለሽ ማሽኑ እስኪተከል ድረስ ነው። ከተፈቀደልሽ።»

የወረዳው ሰዎች ለአንድ ጠዋት ፈቀዱ፤ ሁለት ሚሊሻዎችም አብረውን እንዲሄዱ አደረጉ። መለኪያውን የሚይዘው የሥራ ባልደረባዬ የበርታ ተወላጅ፣ የልጆች አባት ነው፤ እኔን ኡስታዛ ይለኛል፣ መምህርት ማለቱ ነው። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቢላዋውን፣ ቀበቶውንና ስልኩን አውልቆ ለሚሊሻዎቹ ሰጠ። ብረት ወደ መለኪያው ከቀረበ ንባቡ ይበላሻል። ሚሊሻዎቹንም ጠመንጃ ስለያዙ ራቅ ብለው እንዲከተሉን ለመንናቸው። ደስ አላላቸውም። እኔም ከነሱ መራቁ ደስ አላለኝም።

ማዶው ጥቅጥቅ ያለ ቀርከሃ ነው። ወደ ሰሜን መሄድ ጀመርን። ንባቡ ዝቅ እንዳለ ነው። ቀጠልን፤ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ተሳስቼ ይሆን? ከዚያ ቁጥሩ በጥቂቱ ከፍ አለ። በሚቀጥለው ቦታ ጨመረ። በሚቀጥለው ደግሞ ጨመረ።

ያን ጊዜ ጥይት ተተኮሰ።

«ኡስታዛ፣ ቁም! አትንቀሳቀስ!» አለ ባልደረባዬ። ሲደነግጥ ሴትና ወንድ አይለይለትም። ተንበረከክን። ድጋሚ ተተኮሰ፣ ራቅ ብሎ። ከኋላችን አንዱ ሚሊሻ «ተመለሱ! አሁኑኑ!» ብሎ ጮኸ።

ቁጥሩ እየወጣ ነበር። ጫፉን አላየሁትም። ወዴት ድረስ እንደሚወጣ ለማወቅ ትንሽ መንገድ ይበቃኝ ነበር። ባልደረባዬ ፊቴን አይቶ ያሰብኩትን ሳያውቅ አልቀረም፣ «ቤት ልጆች አሉ» አለኝ ቀስ ብሎ። ተመለስን። የተኮሱት ከማሳቸው ዝንጀሮ የሚያባርሩ ገበሬዎች መሆናቸውን የሰማነው ካምፕ ከገባን በኋላ ነው።

ንባቦቹን አለቃዬ ፊት ዘረጋሁ። «ጎደሎ ነው» አለ።

«አዎ፣ ጎደሎ ነው።»

«የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው የሚወጡት። ሚሊሻው ጠመንጃውን ይዞ ቀርቦ ቢሆንስ?»

«አልቀረበም። ከኋላችን፣ ሩቅ ነበር።»

ማሽኑ ውጭ ቆሟል። የቁፋሮው ኃላፊ፣ ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ፣ ብቅ ብሎ «የት ልትከል? ሰዎቼ ፀሐይ ላይ ናቸው» አለ። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ የስበት ካርታውን ስቦ በማግኔት ካርታው ላይ አስቀመጠውና ሁለቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያቸው።

«ሰማያዊው ላይ» አለ። ወደ እኔ ሳይዞር ጨመረበት፤ «ባዶ ከሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እንቅልፍ የምታጪው ግን አንቺም ነሽ።»

እውነትም አልተኛሁም። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ የሚወጣው ሁሉ አረንጓዴ ግራጫ፣ ቀላል አለት ነው። የገመትኩት ጥልቀት ላይ ደረሰ፤ ምንም የለም። አለፈ፤ ምንም የለም። ሠራተኞቹ ፊቴን ላለማየት ሲሉ ወደ ማሽኑ ይዞራሉ። አለቃዬ ዳር ላይ ወንበር አስቀምጦ የሚወጣውን ሁሉ ያያል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የቁፋሮው ኃላፊ ከቱቦ የወጣውን የአለት ዘንግ ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ እጁ በክብደቱ ወረደ። «እህቴ፣ ይኼ ይከብዳል» አለኝ።

ሮጬ ደረስኩ። ዘንጉ ጠቆር ብሎ የነሐስ መልክ ያለው ነገር ያብለጨልጭበታል። ማግኔቴን አስጠጋሁት፤ ተለጠፈ። አለቃዬ ተንበርክኮ ዘንጉን በውኃ አጠበውና በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አየው። «ሰልፋይድ ነው» አለ፤ ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ማለቱ ነው። «መዳብም ያለበት ይመስላል።» ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ቀጥሎም፣ «ካርታውን እንደገና ሥሪው። ሌሎቹንም ቀይ ቦታዎች በሙሉ ከጎናቸው ካለው ሰማያዊ ጋር እንያቸው» አለኝ። ትክክል ነበርሽ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ መዳቡ ካሰብነው ያነሰ፣ ዚንኩ ደግሞ ካሰብነው የበለጠ ነበር። ትልቅ ግኝት አይባልም። ፕሮጀክቱን ለሌላ በጋ ለማቆየት ግን በቃ። በሚቀጥለው በጋ በዚያው መንገድ ከመረጥናቸው ቦታዎች አንዱ ጋብሮ ሆኖ አረፈው፤ ከባድና ማግኔታዊ፣ ግን ምንም የሌለበት። ያን ቀን አለቃዬ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሻይ አስቀዳልኝ፣ ሁለታችንም ጥቁሩን አለት እያየን ጠጣን።